«ለምን አልመጣም?»፦ የመስቀል ሰሞን ጥያቄና የተበላሸ መልሱ

በመስቀል ሰሞን እምድብር የምትሞላው ከቀሪው ዓመት በተለየ ነው። ከመርካቶ፣ ከሐዋሳ፣ ከባሕር ማዶም የመጣው ሰው ጀፎረው ላይ ሲገናኝ ሰላምታው ገና ሳያልቅ ጥያቄው ይጀምራል። «አሁን ምን ላይ ነህ? ስንት ይከፍሉሃል? ወረቀትህስ?» ጠያቂው አጎት፣ የአባት ጓደኛ ወይም የጎረቤት እናት ነው። መልሱ ደግሞ በአመዛኙ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይሠራል» ብሎ መሸሽ፣ ወይ ክትፎው እስኪቀርብ ሁሉንም መዘርዘር።

ብልሃት ተብሎ የሚመከረው መሸሹ ነው። «ምስጢርህን ለማንም አትንገር» የማይል ቤተሰብ የለም። ምክሩ ግን ጠያቂውን አያውቀውም። «ተመስገን» ለሰላምታ ያማረ መልስ ነው፤ ለሁለተኛ ጊዜ ሲባል ግን ደብቆ ማለፍ መሆኑ ይታወቃል። ያኔ ጠያቂው ክፍተቱን ራሱ ይሞላዋል። ወይ ብዙ ገንዘብ አለው ይላል፣ ወይ ነገር ተበላሽቶበታል ይላል።

በዚህ አገር ደግሞ የገቢ ጥያቄ ወሬ ብቻ ሆኖ አያውቅም። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የነበሩ የጉራጌ ተወላጆች ማኅበር አቋቁመው፣ ገንዘብ አዋጥተው ወደ አገራቸው መንገድ ሲያስገቡ ማን ምን ያህል አቅም እንዳለው ማወቅ የሥራው አካል ነበር። ዛሬም «ስንት ታገኛለህ?» የሚሉት ጋሼ ከቁጥሩ ይልቅ ሊያውቁ የሚፈልጉት ሌላ ነገር ነው፤ ለሠርግ፣ ለሕክምና፣ ለልጅ ትምህርት ምን ያህል ይጠበቅብህ? መልስ የሚገባው ይሄኛው ጥያቄ ነው። ቁጥሩን መንገር ግን ሳይዋሹ ማሳሳት ነው።

ምሳሌ እንያዝ። አንድ ሰው አሜሪካ በሰዓት 20 ዶላር ይከፈለዋል እንበል። በአራት ሳምንት 160 ሰዓት ሠርቶ 3,200 ዶላር ያገኛል። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ የለቀቀው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ በነበረው ምንዛሪ ገንዘቡ 182,400 ብር ይሆናል። በተከታዩ መስቀል ዶላሩ ከ110 ብር በላይ ሆኖ ያው ደሞዝ ከ352,000 ብር አለፈ። ሰውየው አንድ ሳንቲም አልተጨመረለትም፤ ጀፎረው ላይ ግን ሀብቱ በሁለት ወር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ቁጥሩን የሰማ ዘመድ ደግሞ ግብሩን አላየም፣ ኪራዩን አልከፈለም። ከ3,200ው 500 ለግብር፣ 1,000 ለኪራይ፣ 600 ለመኪናና ለመድን፣ 400 ለምግብ ይውጣ። የቀረው 700 ነው።

ስለዚህ የተሻለው መልስ ሥራውን በስሙ ጠርቶ ከቁጥር ይልቅ አቅምን ይናገራል። «ጋሼ፣ የአዛውንቶች መንከባከቢያ ቤት ነው የምሠራው፣ ማታ ማታ። ከኪራይና ከወጪ በኋላ ለእናቴ የወር አስቤዛ ይተርፈኛል። ለትልቅ ነገር ግን ገና ነኝ።» እዚህ ውስጥ ውሸት የለም፣ ቁጥርም የለም፣ ጋሼ የሚፈልጉት ግን አለ። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር በተለይ ጠቃሚ ናት፤ ያልመጣውን የብድር ጥያቄ ሳይመጣ ትመልሰዋለች።

የሥራውን ስም መደበቅ ከቁጥሩ በላይ ጉዳት አለው። መኪና ማቆሚያ ውስጥ የሚሠራ ሰው «ቢዝነስ ላይ ነኝ» ሲል አጠገቡ የተቀመጠው ጎረምሳ ይሰማዋል። ሳዑዲ ወይም ደቡብ አፍሪካ ለመሄድ ለደላላ ገንዘብ የሚሰበስበው ያ ልጅ በቢዝነሱ ወሬ ሒሳቡን ይሠራል። ለዋሸው ሰው ግን ያች ቃል የአንድ ከሰዓት ክብር ናት።

ወረቀት ላይ ሲደረስ ነገሩ ይለያል፣ እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው በመስቀል እምድብር ላይ አይገኝም። በአሜሪካ ደንብ አንድ አመልካች ውሳኔ ሳያገኝ ተመልሶ ወደ ሸሸው አገር ከገባ፣ አሳማኝ ምክንያት ካላቀረበ በቀር ማመልከቻውን እንደተወ ይቆጠራል። ጥያቄው እንግዲህ የሚያርፈው እናቱ ላይ ነው። በጉራጌ ለመስቀል አለመምጣት ራሱ ዜና ነው። «ልጅሽ ለምን አልመጣም? እስካሁን ወረቀት አላገኘም እንዴ?»

እናትየው ምንም ስላልተነገራት «ሥራ በዝቶበት» ትላለች። አንድ ዓመት ያስኬዳል። በሦስተኛው መስቀል ግን ጎረቤት «ረስቷታል» ይላል፣ እሷም ማታ ስትተኛ ትጠራጠራለች። የመደበቅ ምክር አይነኬ ነው ለሚሉ ሁሉ መልሱ ይህች ሴት ናት፤ ምስጢሩ የተጠበቀው በእሷ ስም ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። ልጁ በስልክ ታሪኩን በሙሉ ይነግራታል፤ ምን ብሎ እንዳመለከተ፣ የማንን ስም እንደጠቀሰ። እሷም ለቅርብ ዘመድ ትናገራለች፣ እሱም በቡና ላይ ያወጣዋል። የሚገርመው የአሜሪካ መንግሥት ራሱ የጥገኝነት ማመልከቻን ይዘት ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ያለ አመልካቹ ፈቃድ ለሌላ ወገን እንዳይገልጥ በደንቡ የታሰረ መሆኑ ነው። መሥሪያ ቤቱ የዘጋውን ፋይል ቡናው ይከፍተዋል፤ ስማቸው የተጠቀሰው ሰዎች ደግሞ የሚኖሩት እዚሁ ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ ደረጃውን ተናግሮ ምክንያቱን መተው ነው። እናትየው ይህን ሁሉ ሕግ ማወቅ አይጠበቅባትም። ልጁ አስቀድሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ሊሰጣት ይችላል፦ «ወረቀቱ ገና በሂደት ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ከወጣ ነገሩ ይበላሽበታል፣ በየሳምንቱ ግን ይደውላል።» ይህ ለምን አልመጣም የሚለውን ይመልሳል፣ ረስቷታል የሚለውንም ይዘጋል። «በምንድን ነው ያመለከተው?» የሚል ቢመጣ «እሱን ለጠበቃው ነው የተወው» ትላለች፤ በዚህ የሚቀየም ጎረቤት የሚጠይቀው ለሷ አዝኖ አይደለም።

ሂደቱ ሲያልቅስ? ጥገኝነት የተሰጠው ሰው ከአንድ ዓመት በኋላ ግሪን ካርድ ማመልከት ይችላል፤ ግን ወደ አገር ቤት መመላለሱ ያኔም አደጋ አያጣውም። ስለዚህ «ወረቀት አገኘ» የሚለው የምሥራች ራሱ በጥንቃቄ ይነገር። ጎረቤት በሚቀጥለው መስቀል ይመጣል ብሎ ይጠብቃል፣ ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ ጥርጣሬው ከፊተኛው ይብሳል።

መደበቅ የማይፈቀድበት አንድ ጊዜ አለ። ሽማግሌ ተልኮ የልጅቱ ቤተሰብ ስለ ወረቀቱ ሲጠይቅ «በሂደት ላይ ነው» አይበቃም። የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ሰው ለሚስቱ ሲያመለክት ዓመታዊ የኮታ ወረፋ አይጠብቅም፤ ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ግን ኮታ ባለው ምድብ ወረፋ ይይዛል። ውሳኔ የሚጠብቀው ደግሞ ጭራሽ ማመልከት አይችልም። ልጅቱ ስንት ዓመት ብቻዋን እንደምትቆይ የሚወስነው ይህ ልዩነት ስለሆነ፣ የጠየቁት ሽማግሌዎች ካርዱ የትኛው እንደሆነና ቀኑ መቼ እንደሆነ በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል። ጀፎረው ላይ «ስንት ይከፍሉሃል?» ያሉት ጋሼ ከሽማግሌዎቹ መካከል ቢገኙም እንኳ።