ሁለተኛ የወጣ ሰው መልሱን በቀን ይገድብ

“የተመረጠው ሰው ገና አልፈረመም። እርስዎ ሁለተኛ ወጥተዋል፤ እሱ እምቢ ካለ እንደውላለን።” ይህን ቃል ከአንድ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል በስልክ የሰማ ሥራ ፈላጊ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ይቀየማል፣ ወይም “እሺ፣ እጠብቃለሁ” ብሎ ስልኩን ይዘጋል። ሁለቱም አያዋጡትም።

ጨረታ ገብቶ የሚያውቅ ነጋዴ ነገሩ ይገባዋል። በመንግሥት ጨረታ አሸናፊው ውል አልፈርምም ቢል ያስያዘው የጨረታ ማስከበሪያ ይወረስበታል፤ ሁለተኛ የወጣውም ሊጠራ ይችላል። የሁለተኛው ዋጋ ግን ለዘለዓለም አይጸናም። እስከ መቼ እንደሚጸና በሰነዱ ላይ ተጽፏል፤ ቀኑ ካለፈ በዚያ ዋጋ አይገደድም። በቅጥር ማስከበሪያ የሚያስይዝ የለም። አንደኛው ሳይፈርም ቢቀር የሚከፍለው ነገር የለም፤ ሁለተኛው ደግሞ ራሱ ቀን ካልቆረጠ በቀር ቀን የሚቆርጥለት አያገኝም።

አንደኛው ለምን ያፈገፍጋል? የተለመደው ምክንያት የቀድሞ አሠሪው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሥራ ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። አሠሪው በእነዚህ ቀናት ሠራተኛውን ቢሮው ጠርቶ ደመወዝ ይጨምርለታል፣ ሹመት ያሳየዋል። አዲሱን ቅጥር ከመጀመሪያውም ለጭማሪ መደራደሪያ የፈለገውም አይጠፋም።

አንዲት ሂሳብ ሠራተኛ በቡና ላኪ ድርጅት ለፋይናንስ ኃላፊነት ተወዳድራ ሁለተኛ ወጣች እንበል። አሁን የሚከፈላት 38 ሺሕ ብር ነው፤ በቃለ መጠይቁ የጠየቀችው 55 ሺሕ። ሰኞ ሲደወልላት ሁለት ነገር ብቻ ትጠይቃለች። አንደኛው ሰው መልስ የሚሰጠው እስከ መቼ ነው? እምቢ ካለስ በቀጥታ ወደ እሷ ይመጣሉ ወይስ እንደገና ማስታወቂያ ያወጣሉ? እስከ ዓርብ እንደሚታወቅና በቀጥታ እንደሚጠሯት ከተነገራት፣ በዚያው ቀን ይህን ትጽፋለች፦

“ሥራውን አሁንም እፈልገዋለሁ። ቦታው ክፍት ከሆነ በጠየቅሁት 55 ሺሕ ብር ለመፈረም ዝግጁ ነኝ። ካለሁበት መሥሪያ ቤት ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ይኖርብኛል። ይህ መልሴ እስከሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ የጸና ነው።”

አሠሪው ከዚህ ሰውየው ቢቀር ማን፣ በስንት ብርና መቼ እንደሚገባለት ያውቃል። በቀኑ የሚከፋ ሥራ አስኪያጅ አይጠፋም። ስለዚህ ቀኑ ከአንደኛው ቀጠሮ ሳምንት ያህል ይርቃል፤ የሁለት ቀን ገደብ ማስፈራሪያ ይመስላል።

ብዙዎች የሚስቱት ዋጋው ላይ ነው። “በ45 ሺሕም እሠራለሁ” ብሎ ሳይጠየቁ መውረድ ኪሳራ ነው፤ አንደኛው ቢያፈገፍግ የሚቸገረው አሠሪው እንጂ እሷ አይደለችም። በዚያ ቀን 65 ሺሕ ማለትም አያዋጣም። ድርጅቱ የያዘው በጀት አለው፤ ከተናደደ ማስታወቂያውን እንደገና ያወጣል። “ሌላ ቦታም ጠርተውኛል” ማለት የሚገባው እውነት ሲሆን ብቻ ነው። የሰው ኃይል ኃላፊዎች እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፣ ይጠያየቃሉም።

ከሁሉ የከፋው ተስፋ ይዞ የመልቀቂያ ደብዳቤ ማስገባት ነው። የተፈረመ ውል እጅ ላይ ሳይገባ አሁን ያለው ሥራ አይነካም፤ ሌላ ቦታ መወዳደርም አይቆምም።

ዓርብ አልፎ ስልክ ካልመጣ ሰኞ አንድ ጊዜ ትደውላለች። አዲስ ቀን ቆርጠው ከነገሯት ነገሩ ሕያው ነው። ሁለት ጊዜ “ትንሽ ይታገሱ” ብለው ቀን ካልሰጡ ግን ከአንደኛው ጋር ለሚያደርጉት ድርድር መያዣ አድርገዋት ሊሆን ይችላል፤ በደብዳቤዋ ላይ ያለው ቀን ሲደርስ ትተዋቸዋለች።

አንደኛው ፈርሟል ቢሏትም በሩ አልተዘጋም። ሰውየው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያውን ገና አልጨረሰም፤ ከዚያም እስከ 60 የሥራ ቀን የሚደርስ የሙከራ ጊዜ ሊኖርበት ይችላል፤ በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ይህ አሥር ሳምንት ነው። በሙከራ ጊዜ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሄድ፣ አሠሪውም ሊያሰናብተው ይችላል። ስለዚህ ሂሳብ ሠራተኛዋ ደብዳቤዋን አታራዝምም፤ ነገር ግን ሰውየው ሥራ የሚጀምረው መቼ እንደሆነ ጠይቃ ቀኑን በማስታወሻዋ ላይ ታሰፍራለች።