የአደጋ ጊዜ ቦርሳ ቀን ያልፍበታል

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥና በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ሲወጡ፣ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ነበር። እኛ ሐዋሳዎችም ስምጥ ሸለቆ ላይ ነው የምንኖረው። በጥር 2008 ዓ.ም. ከተማችን ውስጥ በተሰማው መንቀጥቀጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጎዳታቸውን የሚረሳ የለም። እንዲህ ባለ ሰሞን ብዙ ቤተሰብ ውሃ፣ ብስኩትና ማስታገሻ ኪኒን አንድ ቦርሳ ውስጥ ከትቶ በር ሥር ያስቀምጣል። ወሬው ሲቀዘቅዝ ግን ቦርሳው ይረሳል። ከሁለት ዓመት በኋላ ቢከፈት ኮሎው ሻግቷል፣ የኪኒኑም ቀን አልፏል።

እኔ የምሠራው ገበያ ላይ ስለሆነ ቦርሳውን የማየው እንደ ትንሽ መጋዘን ነው። መጋዘን ውስጥ ደግሞ ደንቡ አንድ ነው፤ ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል። መናኸሪያ ክፍለ ከተማ ያለ አራት ሰው የሚኖርበትን ቤት እንውሰድ፤ አባት፣ እናት፣ የሰባት ዓመት ልጅ፣ እንዲሁም በየቀኑ አንድ የደም ግፊት ኪኒን የሚወስዱ አያት።

ከውሃ እንጀምር። ለመጠጥ፣ ለትንሽ ምግብና ለንጽሕና ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ገደማ ያስፈልጋል። ለአራት ሰው የሦስት ቀን ሲታሰብ 48 ሊትር ይሆናል። ይህ 48 ኪሎ ስለሆነ በጀርባ የሚታዘል አይደለም። ስለዚህ ውሃውን ለሁለት ይክፈሉት። አባትና እናት በሚይዟቸው ሁለት ቦርሳዎች ውስጥ በድምሩ 8 ሊትር የታሸገ ውሃ ይግባ። ቀሪው ባለ 20 ሊትር ሁለት ጀሪካን ሆኖ ግቢ ውስጥ ጥላ ሥር ይቀመጥ። ቦርሳው ከቤት ርቀው ለሚሄዱበት ቀን ነው፤ ጀሪካኑ ደግሞ ግቢ ውስጥ ለሚያድሩበት ወይም ቧንቧ ለሚቋረጥበት ቀን። ዘይት ወይም ኬሚካል የነበረበትን ጀሪካን አይጠቀሙ። ከቧንቧ የሞሉትን ውሃ በየስድስት ወሩ ይቀይሩት። አሮጌው አይደፋም፤ ልብስ ይታጠብበታል። የታሸገው ውሃ ግን ጠርሙሱ ላይ የታተመውን ቀን ይከተላል፤ ፀሐይ ፈጽሞ ሊያገኘው አይገባም።

ለምግብ ቤታችን ያለው ይበቃል። ኮሎ፣ በሶ፣ ቴምርና ብስኩት እሳት አይፈልጉም፤ ለጾመኛም ይሆናሉ። ኮሎው ጨው ባይበዛበት ይመረጣል፤ ውሃ በሌለበት ጥም ያመጣልና። በሶ መበጥበጫ ውሃ እንደሚፈልግ አይርሱ። ችግሩ ኮሎና በሶ የታተመ ቀን የላቸውም፤ ቀኑን የሚጽፉት እርስዎ ነዎት። አየር በማያስገባ ዕቃ ይክተቱና «የተዘጋጀበት፦ መስከረም 2018» ብለው ይለጥፉበት። በየሦስት ወሩ አውጥተው ይብሉትና አዲስ ይተኩ። ኦቾሎኒ ያለበት ኮሎ ቶሎ ይበላሻል፤ ሲከፍቱት የቆየ ዘይት ከሸተተ አይብሉት። በሶ ደግሞ ከጓጎለ፣ የሻጋታ ሽታ ካመጣ ወይም ነቀዝ ከታየበት ይጣላል።

ትልቁ ስህተት የሚደርሰው መድኃኒት ላይ ነው፤ ምክንያቱም ሁለት የዘመን አቆጣጠር እንጠቀማለን። መድኃኒት ላይ የሚታተመው የአውሮፓው ነው። አንድ ማስታገሻ ላይ «08/2026» የሚል የማብቂያ ቀን ቢያገኙ፣ ወሩ ኦገስት ነው፤ መድኃኒቱም እስከዚያ ወር መጨረሻ ያገለግላል። በእኛ ነሐሴ 25 ቀን 2018 ማለት ነው። ይህን ቁጥር በእኛ አቆጣጠር ያነበበ ሰው ግን ገና ስምንት ዓመት የቀረው ይመስለዋል። ስለዚህ ገዝተው እንደገቡ ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ለውጠው በትልቁ ማሸጊያው ላይ ይጻፉት። እርግጠኛ ካልሆኑ ፋርማሲው ባለሙያውን ይጠይቁ።

ወደ አያት ኪኒን እንመለስ። ቦርሳው ውስጥ የሰባት ቀን፣ ማለትም ሰባት ፍሬ ይቀመጥ። ይህ ኪኒን ግን እዚያ አያረጅም። በወሩ አዲስ 30 ፍሬ ሲገዛ፣ በቅድሚያ ሰባቱ ከቦርሳው ይወጡና አያት እነሱን መውሰድ ይጀምራሉ፤ ከአዲሱ ደግሞ ሰባት ይገባል። እንዲህ ከሆነ ቦርሳው ውስጥ ያለው ምንጊዜም የቅርብ ጊዜ ግዢ ነው። አንድ ነገር ይጠንቀቁ፤ ማብቂያ ቀኑ ብዙ ጊዜ የሚታተመው በኪኒኑ እሽግ ጠርዝ ላይ ነው። እሽጉ በመቀስ ሲቆረጥ ቀኑም ስሙም አብሮ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠንና ቀን ወረቀት ላይ ጽፈው አብረው ያስቀምጡ።

የታተመው ቀን የሚሠራው መድኃኒቱ በተባለው ሙቀት ከተቀመጠ ብቻ ነው። አብዛኛው ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች ይላል። የሐዋሳ ቀትር ላይ ቆርቆሮ ሥር ያለ ዕቃ ቤትም ሆነ የቆመ መኪና ከዚያ ያልፋል። ቦርሳው ከመኝታ ቤት በር አጠገብ፣ ወለል ላይ ይሁን። ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ካለ ሲናወጥ ይወድቃል። ቤት ውስጥ ኢንሱሊን የሚጠቀም ካለ ያልተከፈተው ማቀዝቀዣ ውስጥ መቆየት ስላለበት ቦርሳው ላይ «ኢንሱሊን ከፍሪጅ» ብለው ይለጥፉ፤ ቀዝቃዛ መያዣውም አጠገቡ ይኑር።

ኦ አር ኤስ ደረቅ ሆኖ ሳለ የታተመውን ቀን ይጠብቃል፤ ዱቄቱ ድንጋይ ከሆነ ወይም ከጠቆረ ግን ይተዉት። አንዴ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ከተበጠበጠ ከ24 ሰዓት በላይ አይጠጣም። እንደ ውሃ አጋር ያለ የውሃ ማከሚያ ክሎሪንም ኃይሉ በጊዜ ብዛት ስለሚደክም ቀኑን ይዩለት።

የሚታይበት ጊዜ በዓመት አራት ነው፤ መስከረም፣ ታኅሣሥ፣ መጋቢትና ሰኔ። ደንቡም ቀላል ነው፤ ከሚቀጥለው ፍተሻ በፊት ቀኑ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ዛሬ ይወጣል። ያ የነሐሴ 25 ማስታገሻ መስከረምን አይጠብቅም፤ ሰኔ ላይ ከቦርሳው ወጥቶ ወደ ቤት መድኃኒት ሣጥን ይሄዳል። ቀኑ ያለፈበትን ደግሞ ለጎረቤት አይስጡ፤ እንዴት እንደሚወገድ ፋርማሲ ይጠይቁ።

ይህን ገጽ ቆርጠው ቦርሳው ላይ መለጠፍ ይችላሉ፦

• በየወሩ፦ የአያት ኪኒን፣ ሰባት ፍሬ ይቀያየራል።
• በየሦስት ወሩ፦ ኮሎና በሶ ይቀየራሉ። የብስኩት፣ የቴምር፣ የታሸገ ውሃ፣ የማስታገሻ፣ የኦ አር ኤስና የክሎሪን ቀን ይታያል።
• መስከረምና መጋቢት፦ የጀሪካኑ ውሃ ይቀየራል፤ የባትሪው መብራት ይሞከራል፤ የልጁ ልብስና ጫማ ይለካል።
• በዓመት አንዴ፣ መስከረም ላይ፦ የመታወቂያና የሐኪም ማዘዣ ቅጂ ይታደሳል።

የልጁን ጫማ የጻፍኩት በምክንያት ነው። የሰባት ዓመት ልጅ እግር በስድስት ወር ያድጋል፤ ሌሊት በጨለማ ሲወጡ የማይገባ ጫማም ቀኑ እንዳለፈ ኪኒን ነው።