እንቅልፍ ማጣትን ሁሉ በተኩስ አታሳብቡ፤ ወደ ክኒንም አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ሰባት ሌሊት መዝግቡ

"እንቅልፍ የለኝም" የሚል ሰው ዛሬ በጋይንት፣ በስማዳም ሆነ በእስቴ ማግኘት ከባድ አይደለም። ምክንያቱን ስትጠይቁት መልሱ አንድ ነው፤ "በዚህ ጊዜ ማን ይተኛል?"

መልሱ ከባዶ የመጣ አይደለም። ነፋስ መውጫ በነሐሴ 2013 ዘጠኝ ቀን ገደማ በሕወሓት ታጣቂዎች እጅ ነበረች፤ በእነዚያ ቀናት በከተማዋ ሴቶች ላይ የተፈጸመውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል በሪፖርት አውጥቶታል። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ ክልሉ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ውጊያ ውስጥ ነው። ስለዚህ "ተኩሱ ነው" የሚለውን ሰው ዋሸህ ልለው አልችልም።

ጠቤ ከሁለት የችኮላ ፍርዶች ጋር ነው። አንደኛው "ሁሉም ከጦርነቱ ነው፤ እስኪያበቃ ምንም ማድረግ አይቻልም" የሚለው ነው። ሁለተኛው በመድኃኒት መደብር መስኮት ላይ "እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል" ላለ ሰው የሚሰጠው ክኒን ነው። ሁለቱም አንድ ነገር ይዘላሉ፤ የትኛው ሌሊት? በስንት ሰዓት? ምን ቀሰቀሰህ?

እነዚህን ጥያቄዎች ማንም ሰው ከትውስታው በትክክል አይመልስም። እንቅልፍ ያጣ ሰው "ሌሊቱን እንዴት ታሳልፋለህ?" ሲባል የሚያስታውሰው ከሁሉ የከፋችውን ሌሊት ነው። ሌሎቹ ስድስቱ ከዚያች ጥላ ሥር ይጠፋሉ። ለዚህ ነው የእንቅልፍ ሐኪሞች ከመድኃኒትም ከምክርም በፊት ታካሚው ቢያንስ ለሰባት ቀን የእንቅልፍ መዝገብ እንዲይዝ የሚጠይቁት። ሰባት የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው። ሳምንት የሥራ ቀንም፣ የገበያ ቀንም፣ እሑድም አለው። ስሙ ራሱ የገበያ ቀኑን በሚናገረው አርብ ገበያ የሚኖር ሰው የሐሙስ ሌሊቱና የእሑድ ሌሊቱ አንድ አይሆንም።

መዝገቡ አንድ ገጽ ደብተርና እስክሪብቶ ነው። በየጧቱ፣ ከተነሣችሁ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ስድስት ነገር ትጽፋላችሁ፦

1. አልጋ ውስጥ የገባሁበት ሰዓት
2. እንቅልፍ እስኪወስደኝ የፈጀው ጊዜ፣ በግምት
3. ሌሊት ነቅቼ የቆየሁበት ጊዜ ሲደመር
4. ለመጨረሻ ጊዜ የነቃሁበት ሰዓት
5. ከአልጋ የወረድኩበት ሰዓት
6. የቀሰቀሰኝ ነገር

ማታ ደግሞ አንድ መስመር ትጨምራላችሁ፦ ቀን የተኛሁት፣ የመጨረሻውን ቡና የጠጣሁበት ሰዓት፣ ጠላ ወይም አረቄ ካለ እሱም፣ የወሰድኩት መድኃኒት።

"በግምት" ያልኩት አምልጦኝ አይደለም። ሌሊት ስልክ እያበሩ ሰዓት ማየት ራሱ እንቅልፍ ያባርራል። ደቂቃው በትክክል ባይገኝም ግድ የለም፤ የምንፈልገው የሳምንቱን መልክ ነው። ሰዓት የሌለው ገበሬም አይቀርበትም፤ የመጀመሪያው ዶሮ ጩኸት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል፣ የጎሕ መቅደድ ይበቁታል። በየቀኑ ተመሳሳይ ምልክት መጠቀሙ ላይ ብቻ ይጠንቀቅ።

ሂሳቡ ላይ የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ያግዘናል። በፈረንጅ አቆጣጠር ሌሊቱ መሐሉ ላይ ይቆረጣል፤ ከ20:00 እስከ 06:00 ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማወቅ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በእኛ ግን ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጧቱ 12 ሰዓት ሲባል 12 ሲቀነስ 2፣ አሥር ሰዓት ነው። ስልካችሁ በፈረንጅ የሚያሳይ ከሆነ ወደ እኛ መልሳችሁ ጻፉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ የውጭ መጽሐፍ ላይ አታገኙትም። ስድስተኛው መስመር ላይ "ተኩስ" ብላችሁ ከነቀኑና ከነሰዓቱ አትጻፉ። እንዲህ ያለ ወረቀት በፍተሻ ጣቢያ ቢገኝ ስለ እንቅልፍ ነው ብላችሁ ማስረዳት ላይሆንላችሁ ይችላል። በአንድ ፊደል ምልክት አድርጉ፦ "ድ" ለድምፅ፣ "ሐ" ለሐሳብ፣ "ሽ" ለሽንት፣ "ል" ለልጅ፣ "ት" ለትኋን። ደብተሩም ከቤት አይውጣ።

አሁን ወደ ንባቡ። ነፋስ መውጫ ያለ አንድ መምህር በምሳሌነት እናስብ። በሰዓት እላፊ ምክንያት ማታ መውጣት የለም፣ መብራት ይጠፋል፣ ብርዱም ያው የጋይንት ብርድ ነው። ስለዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት አልጋው ውስጥ ይገባል፤ ጧት 12 ሰዓት ይወርዳል። "ከተኩሱ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ" ይላል። ሰባት ሌሊት መዘገበ።

ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ሦስቱም ይመሳሰላሉ። እንቅልፍ እስኪወስደው ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይገላበጣል፤ ሌሊትም ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይነቃል፤ ምልክቱ "ሐ" ነው። በእያንዳንዱ ሌሊት የተኛው 6 ሰዓት ተኩል ነው። ሐሙስ "ድ" አለ፤ ነቅቶ የቆየው ብዙ ነው፣ የተኛው 5 ሰዓት። ዓርብ ደክሞት ስለነበር 7 ሰዓት ተኩል ተኛ። ቅዳሜ እንግዳ መጥቶበት እቤቱ ሲጫወት አምሽቶ አልጋ የገባው ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው፤ ወዲያው ወሰደው፣ 6 ሰዓት ተኩል ተኛ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁለት ሰዓት ቀን ተኛና ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ተገላበጠ፤ የተኛው 6 ሰዓት።

ደምሩት። በሳምንቱ አልጋ ላይ የዋለው 68 ሰዓት ነው፤ የተኛው 44 ሰዓት ተኩል። ማለትም አልጋ ላይ ካሳለፈው ጊዜ እንቅልፍ የሆነው 65 በመቶ ብቻ ነው። ሐኪሞች 85 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ደህና ይሉታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያቆምና "አላልኳችሁም? ተኩሱ ነው" ይላል። ቆይ። ሐሙስን አውጡትና እንደገና ደምሩ። በቀሩት ስድስት ሌሊቶች አልጋ ላይ 58 ሰዓት፣ እንቅልፍ 39 ሰዓት ተኩል፤ 68 በመቶ። የተኩሱ ሌሊት ሲወጣ ቁጥሩ የተለወጠው በሦስት ብቻ ነው። ተኩሱ ሐሙስን ወስዶበታል፤ ሌሎቹን ስድስት ግን ሌላ ነገር ነው የወሰደው።

ያንን ሌላ ነገር የምታሳየን ቅዳሜ ናት። ሰኞ አሥር ሰዓት ተጋድሞ 6 ሰዓት ተኩል ተኛ። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ተጋድሞ ያንኑ 6 ሰዓት ተኩል ተኛ። ሁለት ሰዓት ዘግይቶ መግባቱ ከእንቅልፉ ምንም አልቀነሰበትም፤ የቀነሰው መገላበጡን ነው። የዚህ ሰው እንቅልፍ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ሆኖ ሳለ በአሥር ሰዓት አልጋ ላይ ተዘርግቶ ሳስቷል። አጭር ጋቢ ረጅም ሰው ላይ እንደሚሆነው፣ ራሱን ሲሸፍን እግሩ ይገለጣል። የቀን እንቅልፍ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን ደግሞ እሑድ ተናግራለች።

ስለዚህ መድኃኒቱ በእጁ ነው። ቀን አይተኛ፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት አልጋው ውስጥ አይግባ። በመደቡ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ይቀመጥ፣ ይጫወት፣ ያንብብ፤ ከ4 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ባለው እንቅልፍ ሲመጣ ይግባ፤ የመጣው ሌሊት ምንም ይሁን ጧት 12 ሰዓት ይውረድ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያደክማሉ። በሁለተኛው ሳምንት መዝገብ መጠኑ 85 ከደረሰ የመግቢያውን ሰዓት በ15 ደቂቃ ወደፊት ያምጣ፤ እንዲህ እያለ በየሳምንቱ። የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም መኪና የሚያሽከረክር ሰው ግን ይህን ያለ ሐኪም ምክር አይሞክር።

አሁን ሌላ መዝገብ እናስብ። በሰባት ሌሊት አምስት ጊዜ "ድ" ያለበት፣ ድምፅ በሌለባቸው ሌሊቶች ደግሞ ወዲያው የሚተኛ ሰው። ይህ ሰው ልማዱ አልተበላሸም። አካሉ ዘብ ላይ ነው፣ ዘብ መሆኑም ትክክል ነው። ለእሱ "ቡና ቀንስ፣ ዘና በል" ማለት ስድብ ነው። ዳያዜፓምን የመሰለ ክኒን መስጠት ደግሞ ከስድብም ያልፋል። ሌሊት ልጆቿን ይዛ መሸሽ ሊኖርባት የሚችልን እናት አደንዝዞ ማስተኛት ምን ማለት እንደሆነ ሰጪው ያስብበት። ክኒኑ በሰውነት ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ በማግሥቱም ያፈዛል፣ ሲደጋገም ያስለምዳል። የዚህ መዝገብ ፈውስ ከፋርማሲ አይገኝም፤ ተኩሱን ማቆም የሚችሉት ሰዎች እጅ ነው።

"ሰው እየሞተ ስለ እንቅልፍ ሂሳብ ማውራት ቅንጦት ነው" የሚሉኝ አሉ። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ሁሉን ነገር ለጦርነቱ ስናስረክብ፣ ጦርነቱ ያልወሰደብንንም እየጨመርንለት ነው። የመምህሩ ስድስት ሌሊቶች የእሱ ነበሩ። የዚያችን እናት አምስት ሌሊቶች ደግሞ እንደ ግል ሕመሟ ቆጥረን ክኒን ስንሰጣት ተጠያቂውን ነፃ እያወጣን ነው። መዝገቡ ሁለቱን ይለያል።

መዝገብ ሁሉን አይፈታም። በቂ ሰዓት ተኝቶ ቀኑን ሙሉ የሚያንቀላፋ፣ በኃይል የሚያንኮራፋና ትንፋሹ ሲቋረጥ ሰው የሚያየው፣ ወይም ያየውን ግፍ በቅዠት እየደጋገመ የሚባንን ሰው ወደ ባለሙያ ይሂድ። በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ፣ ለሦስት ወር የዘለቀ እንቅልፍ ማጣትም እንዲሁ። ወደ ጤና ጣቢያም ሆነ ወደ ሆስፒታል ስትሄዱ ድምሩን በሌላ ወረቀት ገልብጣችሁ ያዙ።

ለጤና ባለሙያዎችም አንድ ቃል። ታካሚው "እንቅልፍ አጣሁ" ሲላችሁ ብዕራችሁን ወደ ማዘዣው ከማንሣታችሁ በፊት አንድ ባዶ ገጽ ስጡትና በሳምንቱ ቅጠሩት። ተመልሶ ሲመጣ ከሁሉ በፊት የ"ድ"ን ሌሊቶች ከሌሎቹ ለይታችሁ ደምሩለት።