«ግብራችን ለእኛው ይቅር» ከማለትህ በፊት

ወገኔ፣ በየቡና ቤቱም በየስብሰባውም «የክልሉ ግብር ለክልሉ ይቅር» የሚል ሰው አይጠፋም። ያስጨበጭባል። እስቲ ግን ከማጨብጨባችን በፊት ብሩን ከመንዝ ተነስተን እንከተለው።

ቀየት ላይ ያለ ዘመድህ በግ ሸጦ ብር ያዘ እንበል። እሱ በቀጥታ የሚከፍለው የመሬት መጠቀሚያና የእርሻ ገቢ ግብር ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 97 ይህን ለክልል ሰጥቶታል፤ ከመምህሩ ደመወዝ የሚቆረጠውንና የግለሰብ ነጋዴውን ግብርም እንዲሁ። ጥሩ። ግን በጠባብ ማሳ ገብስ የሚያበቅል የደጋ ገበሬ ስንት ሊከፍል ይችላል? ያውም ውርጭ ባልመታው ዓመት።

ያው ዘመድህ ከበጉ ዋጋ ላይ ሞባይል ይገዛል። ቀፎው ከውጭ የገባ ከሆነ ቀረጡ ጉምሩክ ላይ ቀድሞ ተከፍሏል፣ እሱም በዋጋው ውስጥ መልሶ ይከፍለዋል። ይህ በአንቀጽ 96 የፌዴራል ነው። የ100 ብር ካርድ ሲሞላ ደግሞ ወደ 13 ብር የሚጠጋው ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። ቴሌ የፌዴራል ድርጅት ስለሆነ እሱም ወደዚያው ይገባል። ደብረ ብርሃን እንደሚጠመቀው ቢራ ያለ የግል ኩባንያ ግብር የጋራ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት ባጸደቀው ቀመር የክልሎች ድርሻ ከፍ ብሏል። ጉምሩኩ ግን እዚያው ቀርቷል።

እንግዲህ ገቢው ወደ ላይ ሲሄድ ሥራው የት ነው? ታች! መምህሩን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን፣ የግብርና ባለሙያውን የሚቀጥረው ወረዳ ነው፤ በክልላችን ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ። በላይኛው ገቢና በታችኛው ወጪ መካከል ያለው ክፍተት የአንድ ባለሥልጣን ንፍገት ያመጣው አይደለም። ሕገ መንግሥቱ ሲጻፍ አብሮ የተሠራ ነው። የሚሞላውም በድጎማ ነው፤ ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ወረዳ።

አሁን ወደ መፈክሩ እንመለስ። ሁሉም የሰበሰበውን ይያዝ ብንል ማን ይጠቀማል? ዋና መሥሪያ ቤቱ፣ ባንኩ፣ ሸማቹ ያለበት አዲስ አበባ። አዲስ አበባ እኮ ዛሬም በጀቷን በራሷ ገቢ ነው የምትሸፍነው፣ ከዚህ ድጎማ ድርሻ የላትም። መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ ግን የክፍል ጠመኔ መግዣ ያጣሉ። ስለዚህ ትግሉን ወደ ትክክለኛው ቦታ እናምጣው፤ እሱም ቀመሩ ነው።

ቀመሩን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፣ አንቀጽ 62። አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ለአንድ ክልል ትምህርት፣ ጤና፣ ውሃና መንገድ ስንት እንደሚያስፈልግ ይገመታል፤ ክልሉ ሊሰበስብ የሚችለው ገቢ ይቀነሳል፤ የቀረው ክፍተት ከሌሎች ክልሎች ክፍተት ጋር ተነጻጽሮ ድርሻ ይሆናል። ፍላጎቱ ሲገመት ታዲያ ከሁሉ በላይ የሚመዝነው የሰው ቁጥር ነው፤ ስንት ሕፃን ትምህርት ቤት መግባት አለበት፣ ስንት ሰው ጤና ጣቢያ ያሻዋል ተብሎ።

እዚህ ላይ ነው ቁስላችን። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ አማራ ክልል 13.8 ሚሊዮን ነበር፤ በ1999ኙ 17.2 ሚሊዮን ተባለ። አገሪቱ በዓመት በ2.6 በመቶ ስታድግ እኛ በ1.7። ከተጠበቀው ወደ 2.4 ሚሊዮን አነሰ ተብሎ ፓርላማ ውስጥ ሳይቀር ጥያቄ ተነሳ። ጠፉ የተባሉት በእርግጥ ነበሩ ወይስ የቀድሞው ግምት ነው የተሳሳተው? ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም፣ በስሜት የሚዘጋም አይደለም። ነበሩ ከተባለ ግን ስሌቱ ቀላል ነው። ከ100 ሰው 12 ያህሉ ከወረቀቱ ወጥቷል ማለት ነው። በጀቱ ለ88 ልጅ ይመጣል፣ ክፍሉ ውስጥ 100 ይቀመጣል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄድ ይላል። ከ1999 ወዲህ ግን አልተካሄደም፤ በ2011 ዓ.ም. በጸጥታ ምክንያት ተራዘመ፣ በዚያው ቀረ። ዛሬ የምንሠራበት ቁጥር ከዚያ ከሚያከራክረው ቆጠራ የተነሳ ትንበያ ነው። ስህተት ካለበት ስህተቱም አብሮ እያደገ ነው።

ወረዳ ላይ ሲደርስ ይህ እንዴት ይታያል? ከሚመጣው ብር መጀመሪያ ደመወዝ ይከፈላል፣ ደመወዝ አይቀነስማ። የሚጎድለው ከሥራ ማስኬጃውና ከካፒታሉ ነው። ባለሙያው አለ፣ ሞተሩ ነዳጅ የለውም፤ ጤና ኬላው አለ፣ መድኃኒቱ የለም። ከዚያ «የሕዝብ መዋጮ» ይመጣና ገበሬው ሁለተኛ ይከፍላል፣ እንደ ግብር ሳይቆጠርለት።

እናም መሐል ሜዳም ሁን ሞላሌ ወይ ዓለም ከተማ፣ የወረዳህ ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ ሂድ። «ስንት ብር መጣ?» ብቻ አትበል። ከብሩ ስንቱ ደመወዝ፣ ስንቱ ሥራ ማስኬጃ እንደሆነ ጠይቅ፤ የወረዳው ሕዝብ ስንት ነው ተብሎ እንደተያዘም። መልሱን ጽፈህ ያዝና ትምህርት ቤቱ ከመዘገባቸው ልጆች፣ ጤና ኬላው ከያዘው የቤተሰብ መዝገብ ጋር አስተያየው።