ወደ ቡሬ የሚወስዱ ሁለት የዕድገት መንገዶች

ኢጎር አንሶፍ እ.ኤ.አ. በ1957 ያቀረበው የዕድገት አማራጮች ማትሪክስ ምርትንና ገበያን ያጣምራል። በፍኖተ ሰላም ከተማ በአንድ ኦፍሴት ማሽን ቅጻቅጽና የሠርግ ጥሪ ካርድ የሚያትም አነስተኛ ድርጅት በምሳሌነት እንውሰድ። እነዚህኑ በከተማው በብዛት ቢሸጥ የገበያ ድርሻውን ያሳድጋል፤ ከደንበኞቹ መካከል ላሉ ማር ነጋዴዎች የወረቀት መለያ ቢያትም አዲስ ምርት ያቀርባል፤ ቅጻቅጹን ለቡሬ መሥሪያ ቤቶች ቢሸጥ ደግሞ አዲስ ገበያ ይከፍታል።

የቡሬ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፋብሪካዎች የሚፈልጉት የፕላስቲክ ማሸጊያ ግን የተለየ ነው። ኅትመቱ ፍሌክሶ ወይም ግራቪዩር ማሽን ስለሚጠይቅ መሣሪያው፣ ቀለሙ፣ ሙያውና ደንበኛው ሁሉ አዲስ ነው። ይህ አዲስ ገበያ ቢመስልም በተግባር ወደ ሌላ ዘርፍ መግባት ነው፤ ከአራቱ አማራጮችም ከፍተኛውን ሥጋት የሚሸከመው እርሱ ነው።

ስለሆነም አማራጩን የሚለየው የከተማው ስም ሳይሆን «ሥራው ባለን ማሽን ይታተማልን?» የሚለው ጥያቄ ነው። በእኔ እምነት ድርጅቱ ወደ ቡሬ መግባት ያለበት በቅጻቅጽ ነው።