ካሜራው ይጥፋ፣ ድምፁ አይቆረጥ

ሐዋሳ ተቀምጦ ለአዲስ አበባ ወይም ለውጭ መሥሪያ ቤት በቪዲዮ ኢንተርቪው የሚቀርብ ሥራ ፈላጊ ከየአቅጣጫው የሚሰማው ምክር አንድ ዓይነት ነው፦ ሱፍ ልበስ፣ ሪንግ ላይት ግዛ፣ ጥሩ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ሂድ። ምክሩ የተጻፈው መብራት ለማይጠፋበት አገር ነው። «ጥሩ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ» ሐዋሳ ላይ ብዙ ጊዜ ካፌ ማለት ነው። ካፌ ደግሞ የቡና ማሽን ጩኸት፣ ሙዚቃ፣ ሃያ ሰው የሚካፈለው ዋይፋይና ከጀርባ የሚመላለስ አስተናጋጅ ማለት ነው።

ስህተቱ የሚጀምረው ምስሉን ዋና ነገር አድርጎ ከማሰብ ነው። ኢንተርቪው የሚበላሸው ምስል ሲደበዝዝ ሳይሆን ድምፅ ሲቆራረጥ ነው። የዙም ኩባንያ ራሱ ባስቀመጠው መስፈርት የሁለት ሰው ንግግር በድምፅ ብቻ ከሆነ በሰከንድ ከ60 እስከ 80 ኪሎቢት ይበቃዋል፤ ጥራት ያለው ቪዲዮ ሲጨመርበት 600 ያስፈልጋል። ካሜራው ከድምፁ ሰባት፣ ስምንት፣ አንዳንዴም አሥር እጥፍ ይበላል ማለት ነው። ጠባብ መስመር ላይ ሁለቱ ይሻማሉ፤ መተግበሪያው ለድምፁ ቅድሚያ ለመስጠት ቢሞክርም መስመሩ በጣም ሲጠብ ድምፁም አብሮ ይታነቃል። እናም መጀመሪያ መሥዋዕት መሆን ያለበት ምስሉ ነው።

ታቦር ክፍለ ከተማ የሚኖር አንድ የአካውንቲንግ ምሩቅ እንውሰድ። ኢንተርቪው ሐሙስ 10:00 ተብሎ ተጽፎለታል። ይህ በእኛ ጠዋት 4 ሰዓት ነው፤ ማታ 10 ሰዓት ወይም ከሰዓት 10 ሰዓት መስሎት የሚያመልጠው ሰው ዛሬም አለ። ይህ ምሩቅ ረቡዕ ጠዋት በዚያው 4 ሰዓት፣ በዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ መስመሩን መፈተን አለበት። ማታ የተለካ መስመር ስለ ጠዋቱ ምንም አይናገርም፤ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ስልኩን ሲከፍት አንዱን ማማ የሚካፈለው ብዙ ነውና። «ስፒድ ቴስት» ላይ በትልቁ የሚታየው ቁጥርም ያታልላል። እሱ ከኢንተርኔት ወደ ቤት የሚገባው ፍጥነት ነው፤ ኢንተርቪው ላይ የተጠያቂውን ድምፅ የሚሸከመው የሚወጣው ነው። ከፍጥነትም በላይ መስመሩ መርጋቱ ያስፈልጋል። ይህን ለማየት ላፕቶፑን በስልኩ ሆትስፖት አገናኝቶ ዊንዶውስ ላይ ይህችን መጻፍ ይበቃል፦

```
ping -n 100 8.8.8.8
```

መቶ ትንንሽ መልእክት ይልካል፤ ሁለት ደቂቃ እንኳን አይፈጅም። መጨረሻ ላይ Lost ከሚለው ጎን ዜሮ ወይም አንድ ከታየ መስመሩ ይሄዳል። አምስትና ከዚያ በላይ ከጠፋ፣ ወይም Maximum ከ Average ብዙ እጥፍ ከሆነ ድምፁ እንደሚቆራረጥ ከአሁኑ ይታወቃል። ያን ጊዜ ወንበሩን ወደ ሌላ ክፍል ማዛወር፣ ስልኩን መስኮት ላይ ማስቀመጥ ወይም ሲም መቀየርና እንደገና መለካት ነው።

ብርሃንም የኔትወርክ ጉዳይ ነው፤ ይህን ግን ከመካሪዎቹ የሚያነሳው የለም። ጨለማ ክፍል ውስጥ ካሜራው ምስሉን ለማብራት ሲታገል በነጠብጣብ ይሞላዋል። ነጠብጣቡ በየቅጽበቱ ስለሚለዋወጥ መተግበሪያው እንደ እንቅስቃሴ ቆጥሮ ለመላክ ይሞክራል፣ መስመር ያባክናል። ፊቱ በደንብ የበራ፣ ከጀርባው ባዶ ግድግዳ ያለ ሰው ግን ለመላክ ቀላል ምስል ነው። በንፋስ የሚወዛወዝ መጋረጃ ወይም ከኋላ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ዳታ ነው። ለዚህ ሪንግ ላይት አያስፈልግም። ፊትን ወደ መስኮት አዙሮ መቀመጥ ይበቃል፤ መስኮቱ ከጀርባ ከሆነ ፊት ጥላ ብቻ ይሆናል። ጊዜው ከሰዓት በኋላ ከሆነ ፀሐይ ወደ ሐይቁ ስታዘነብል በምዕራብ መስኮት በቀጥታ ትገባለች፤ ነጭ ነጠላ ወይም ስስ መጋረጃ መሸፈን ያለሰልሳታል። ክረምት ላይ ደግሞ ከብርሃኑ በፊት የሚታሰበው ጣራው ነው። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ማይክራፎን ያደነቁራል። ምርጫ ካለ ጠዋትን መለመን ይሻላል፤ ከሌለ ማይክ ያለው የጆሮ ማዳመጫ ግዴታ ነው።

ካሜራን ማየት የሚለው ምክር እውነት አለው፤ ግን ሰውን ትወና ውስጥ ይከታል። ጠያቂውን በዓይኑ የሚያየው ተጠያቂ ለጠያቂው ወደ ታች ያቀረቀረ መስሎ ይታያል፤ ካሜራው ከስክሪኑ በላይ ነዋ። መፍትሔው ቀላል ነው። ላፕቶፑን የለስላሳ ሳጥን ወይም መጻሕፍት ላይ ጭኖ ካሜራውን ከዓይን እኩል ማድረግ፣ የጠያቂውን መስኮት አሳንሶ ከካሜራው ሥር መጎተት፣ የራስን ምስል መደበቅ። ሲናገር ካሜራውን፣ ሲያዳምጥ ሰውየውን ማየት ይበቃዋል። ታላቅ ፊት ዓይን መስበር አክብሮት ነው ተብሎ ያደገን ልጅ «በራሱ አይተማመንም» ብሎ ፎርም ላይ የሚጽፍ ጠያቂ ግን የመዘነው አስተዳደጉን እንጂ ችሎታውን አይደለም።

መጠባበቂያ ሲባል ብዙ ሰው ሁለተኛ ሲም ይገዛል። መልካም ነው፤ ግን ኢትዮ ቴሌኮምና ሳፋሪኮም በአንዳንድ ቦታ መሠረተ ልማት ይጋራሉ፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላውም አብሮ ሊወድቅ ይችላል። በ2012 ሰኔ መጨረሻ እንደሆነው ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ከተዘጋ ደግሞ የሲም ብዛት ምንም አይፈይድም። የቤት ዋይፋይም መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። እውነተኛው መጠባበቂያ ከኢንተርኔት ውጭ ያለው ተራ የስልክ ጥሪ ነው። ምሩቁ ረቡዕ ማታ ለቀጣሪው በኢሜይል እንዲህ ይላል፦ «መስመር ከተቋረጠና በሁለት ደቂቃ ውስጥ ካልተመለስኩ፣ እባክዎ በዚህ ቁጥር ይደውሉልኝ፤ ስልኬ በእጄ ነው።» ሐሙስ መስመሩ ከተንገጫገጨ ሳይጠየቅ «ድምፄ እንዲጠራ ካሜራዬን አጠፋለሁ» ብሎ ያጠፋል። ይቅርታ መደርደር አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ ይቅርታ የኢንተርቪውን ደቂቃ ይበላል።

ይህ ሁሉ ግን ከተጠያቂው ብቻ ሲጠበቅ ፍርደ ገምድልነት ነው። በ2014 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ የጀርመን ተመራማሪዎች ጥናት አሳሳቢ ነገር አሳይቷል፦ መስመር ላይ መዘግየት ሲኖር አድማጮች ጥፋቱን በመስመሩ ሳይሆን በሰውየው ላይ ያላክኩታል፤ ትኩረት የሌለው አድርገው ይቆጥሩታል። አዲስ አበባ ፋይበር ላይ የተቀመጠ የሰው ኃይል ባለሙያ ሐዋሳ ያለውን ልጅ «ዘገምተኛ ነው» ሲል የሚናገረው ስለ ማማው ሊሆን ይችላል።

«ግማሽ ሰዓት ኔትወርክ ማግኘት ያልቻለ ሥራውን እንዴት ይሠራል?» የሚል መከራከሪያ አለ። ሥራው ከቤት ሆኖ በኢንተርኔት የሚሠራ ከሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ማስታወቂያው ላይ ይጻፍ። ሒሳብ ሠራተኛ ሆኖ ቢሮ ገብቶ በቢሮው መስመር የሚሠራን ሰው በቤቱ መስመር መመዘን ግን የሚለየው ማን ጎበዝ እንደሆነ ሳይሆን ማን የት እንደሚኖር ነው። ቀጣሪው የጥሪ ደብዳቤው ላይ ሁለት መስመር ቢጨምር ይበቃል፦ ካሜራ ማጥፋት ነጥብ እንደማያስቀንስ፣ መስመር ሲቆረጥም በስልክ ደውሎ ኢንተርቪውን የሚቀጥለው ማን እንደሆነ።