መርካቶ ፕሪንት ቤት ገብቶ የሚበላሸው ማስታወሻ

አንድ የሱቅ ማደሻ ፕላን በፍላሽ ተይዞ መርካቶ ፕሪንት ቤት ይደርሳል እንበል። በቢሮው ኮምፒውተር ላይ «ይህ ግድግዳ አይፈርስም» ይል የነበረው ማስታወሻ እዚያ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ቅልቅል ሆኖ ይወጣል። ባለቤቱ ማተሚያ ቤቱን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የላኪው ነው።

የDWG ፋይል የሚይዘው የፊደሉን ኮድና የፎንቱን ስም እንጂ ፎንቱን አይደለም። ፎንቱ ከሌለ አውቶካድ ሌላ ይተካል። በአማርኛ ችግሩ እጥፍ ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ኮዶች ላይ አስቀምጠውት ነበር። ብዙ ቢሮዎች ዛሬም እነሱኑ ይጠቀማሉ።

ምልክቱን መለየት ቀላል ነው። የላቲን ዝብርቅርቅ ከታየ ጽሑፉ በአሮጌው ኮድ ነው። ፎንቱን ወደ ኒያላ መቀየር አይረዳም፤ ወይ ያው ፎንት ይጫናል፣ ወይ ጽሑፉ በመቀየሪያ ይለወጣል፣ ወይ እንደገና ይጻፋል። ካሬ ወይም የጥያቄ ምልክት ከታየ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኮዱ ትክክል ነው፤ የተተካው ፎንት ግዕዝ ስለሌለው ነው።

አንዳንዱ በSTYLE ፎንቱን ቀይሮ «አልሠራም» ይላል። ባለብዙ መስመር ጽሑፍ (MTEXT) ውስጥ ለተመረጡ ቃላት ብቻ ፎንት ተሰጥቶ ከነበረ፣ እንዲህ ያለ ትእዛዝ በጽሑፉ መሃል ተደብቆ ይቀራል፤ ስታይሉም አያሸንፈውም፦

```
\fNyala|b0|i0|c0|p0;
```

በዚህ ላይ የMTEXT ሳጥን ስፋት ስለተወሰነ፣ የሚተካው ፎንት ሰፋ ካለ ሦስት መስመር የነበረው አራት ይሆንና ከሥሩ ያለውን ልኬት ይሸፍናል።

ከዝብርቅርቁ ይልቅ የሚያስፈራው ግን የሚጠፋው ጽሑፍ ነው። በA1 ወረቀት በ1:50 የተሠራ ፕላን ለA3 ሲፈለግ፣ ወረቀቱ በቁመትም በወርድም በግማሽ ስለሚያንስ፣ አታሚው መስኮቱን ወደ 1:100 ይቀይራል። አኖቴቲቭ ጽሑፍ በወረቀት ላይ 2.5 ሚሊሜትር እንዲሆን በ1:50 በሞዴሉ 125፣ በ1:100 ደግሞ 250 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ማስታወሻው 1:50 ብቻ ተያይዞለት ከሆነ ግን በ1:100 መስኮት ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ዝብርቅርቁን ሁሉም ያያል፤ የጠፋውን ማን ያያል? ፎርማኑ ባዶ ግድግዳ አይቶ ያፈርሳል።

ስለዚህ ለኅትመት DWG መላክ መቅረት አለበት። ፒዲኤፍ ከነፎንቱ ይላክ፤ A3 ከተፈለገም ያው ገጽ በ50 በመቶ ይታተም፣ ጽሑፉ 1.25 ሚሊሜትር ይሆናልና ለማንበብ ቢከብድም አይጠፋም። DWG የግድ ከሆነ (ለመዋቅር መሐንዲሱ ለምሳሌ) የፎንቱ ፋይል አብሮ ይሂድ፣ ጽሑፉም በዩኒኮድ ይሁን። አሮጌውን ፎንት የሙጥኝ ያለ ቢሮ ግን ማተሚያ ቤቱን ከመውቀሱ በፊት ፋይሉን ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ አንዴ ከፍቶ ይየው።